የጢስ ዓባይ ጭጋግ ስልኩን ለምን ያንቀዋል? ስለ ፓርቲክልና ፍሬም ሬት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጋሼ፣ ባሕር ዳር ሆነን የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ያለበት የሞባይል ጌም በዩኒቲ እየሠራን ነው። ጭጋጉና ጠብታው ሲበራ በሰከንድ ከ60 ፍሬም ወደ 22 ይወርዳል። ጠብታውን ከ600 ወደ 300 ቀነስነው፤ ውበቱ ሄደ፣ ፍሬሙ ግን ንቅንቅ አላለም። ምን ይሻለናል?»

ጠብታዎቹን መልሷቸው። 600ዎቹም ይግቡ። ፕሮጀክታችሁን ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ ስልኩን የሚጨርሰው ጭጋጉ ነው። ጭጋጉን ደግሞ መልኩ ሳይበላሽ ማቅለል ይቻላል። መንገዱን የሚዘጉት ግን ብዙ ሰው እውነት ነው ብሎ የያዛቸው ጥቂት ነገሮች ናቸው። አንድ በአንድ እንያቸው።

«ፓርቲክሉ ስለበዛ ነው የከበደው»

ጭጋጉም ጠብታውም የሚሠሩት ፓርቲክል ከሚባሉ ትንንሽ ምስሎች ነው። ምስሉን የሚስለው የስልኩ ቺፕ፣ ጂፒዩ፣ በዋናነት የሚደክመው በቁጥራቸው ሳይሆን በሚቀባው ስፋት ነው። የእናንተን ሂሳብ እንሥራው። የሞከራችሁበት ስልክ ስክሪን 1600 በ720 ነው። ይህ 1,152,000 ፒክሰል ነው። አንዷ ጠብታ ስክሪኑ ላይ 12 በ12 ፒክሰል ገደማ ትይዛለች፤ 144 ፒክሰል ማለት ነው። 600ዎቹ ሲደመሩ 86,400 ይሆናሉ። የስክሪኑን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞሉም።

አሁን ጭጋጉን እዩት። 60 ፓርቲክል ብቻ ነው። ግን እያንዳንዱ 500 በ500 ፒክሰል የሚሆን ካሬ ነው። 250,000 በ60 ሲባዛ 15 ሚሊዮን ፒክሰል ይመጣል። ይህ ማለት ስልኩ በእያንዳንዱ ፍሬም ስክሪኑን በሙሉ 13 ጊዜ ያህል ደጋግሞ የመቀባት ሥራ ይሠራል። ኦቨርድሮው የሚባለው ይሄ ነው። ፏፏቴው ግርጌ ጭጋጉ በሚደራረብበት ቦታ ደግሞ ከአማካዩም በላይ ይሄዳል።

ስለዚህ 300 ጠብታ ስትቀንሱ ከ15 ሚሊዮኑ ላይ ያተረፋችሁት 43,200 ፒክሰል ነው። ፍሬሙ ያልተነቃነቀው ለዚህ ነው። ዓይን ግን የውሃውን ኃይል የሚያነበው ከእነዚያ ትንንሽ ጠብታዎች ነው። ርካሹንና አስፈላጊውን አውጥታችሁ ውዱን ተዋችሁት።

ቁጥር ጭራሽ አያስቸግርም እያልኩ አይደለም። ፓርቲክሎቹ ከድንጋይ ጋር የሚጋጩ ከሆነ፣ ወይም እያንዳንዷ ጠብታ ስትወድቅ ሌላ ፓርቲክል የምትወልድ ከሆነ ሸክሙ ሲፒዩ ላይ ይወድቃል። ያኔ ቁጥር መቀነስ ይረዳል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ቀላል ፈተና አለ። ዩአርፒ የተባለውን የዩኒቲ የምስል አሳሳል ሥርዓት የምትጠቀሙ ከሆነ `Render Scale` የሚለውን ከ1 ወደ 0.5 አውርዱት። የሚቀባው ፒክሰል ወደ ሩብ ይወርዳል። ፍሬሙ ወዲያው ዘሎ ከተነሣ ችግሩ የቅብ ስፋት ነው። እዚያው ከቀረ ሲፒዩውን መርምሩ። የእናንተው ላይ ስሞክረው ዘሎ ነው የተነሣው።

«ባዶው የምስሉ ክፍል ስለማይታይ ወጪ የለውም»

ከሁሉም በላይ የሚያስከፍለው ስህተት ይሄ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ፓርቲክል ሲሳል ካሬ ነው። ጭሱ ካሬው መሐል ይቀመጣል፣ ዙሪያው ባዶ ነው። ዓይናችን ባዶውን አያየውም። ጂፒዩ ግን አንድ ፒክሰል ባዶ መሆኑን የሚያውቀው የፒክሰሉን ቀለም የሚያሰላውን ሼደር አስኬዶ፣ ምስሉን የያዘውን ቴክስቸር አንብቦ፣ አልፋው፣ ማለትም የመሸፈን መጠኑ፣ ዜሮ መሆኑን ካገኘ በኋላ ነው። ሥራው ተሠርቷል። ከዚያ ምንም የማይለውጥ ቀለም ይደርብበታል።

የጭጋግ ቴክስቸራችሁን በፎቶ ማረሚያ ከፍታችሁ የአልፋ ቻናሉን ብቻ እዩት። ምስሉ 256 በ256 ነው። ጭሱ ያለው መሐል ላይ 160 በ160 በሚሆነው ውስጥ ነው። ስፋቱን ስታሰሉት ጭስ ያለበት 39 ከመቶ ብቻ ነው። የተቀረው 61 ከመቶ ባዶ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፓርቲክል፣ በእያንዳንዱ ፍሬም ትከፍሉበታላችሁ።

መፍትሔው ምስሉን ጭሱ ድረስ መከርከምና `Start Size` የሚለውን በዚያው ልክ ማሳነስ ነው። 160ን ለ256 ስናካፍል 0.625 ነው። የፓርቲክሉን መጠን በዚህ አባዙት። ጭሱ ስክሪኑ ላይ በፊት በነበረው መጠን ይታያል። ካሬው ግን ከ500 ወደ 312 ፒክሰል ወረደ። 60ዎቹ ሲደመሩ ከ15 ሚሊዮን ወደ 5.8 ሚሊዮን ይወርዳሉ። ከ13 ጊዜ ወደ 5 ጊዜ መሆኑ ነው። መልኩ ላይ የነካችሁት ነገር የለም።

ስትከረክሙ ጠርዙን አትላጩት። ጭሱ ካለቀበት በኋላ ጥቂት ፒክሰል ባዶ ይቅር። አለበለዚያ ብሩህ ሰማይ ፊት ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል፤ ጭጋጉ ካርቶን ይመስላል። ምስሉ ብዙ ፍሬም ያለው አኒሜሽን ከሆነ ደግሞ የሚከረከመው በትልቁ ፍሬም ልክ ነው።

«ታዲያ ሼደሩ ውስጥ `discard` ብዬ ባዶውን ብጥለውስ?» የሚል አለ። አይጠቅምም። ለመጣልም አልፋውን ማንበብ አለበት፤ ማንበቡ ነው ወጪው። ከዚህም በላይ `discard` ብዙ የሞባይል ጂፒዩ ላይ የተሸፈነን ፒክሰል ቀድሞ የመለየቱን ሥራ ያደናቅፋል።

«ፓርቲክል ከቀነስኩ ጭጋጉ ይሳሳል»

አልፋውን ሳትነኩ ከቀነሳችሁ አዎ፣ ይሳሳል። ግን የጭጋጉ ውፍረት የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው፦ ስንት ጊዜ እንደተደረበና እያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚሸፍን። አንዱን ስትቀንሱ ሌላውን መጨመር ትችላላችሁ። ለተለመደው የአልፋ ቅልቅል ቀመሩ ይሄ ነው፦

```
ሽፋን = 1 - (1 - አልፋ)^ድርብ
```

ፏፏቴው ግርጌ 10 ድርብ አለ እንበል፤ የእያንዳንዱ አልፋ 0.05 ነው። 0.95ን 10 ጊዜ በራሱ ስታባዙት 0.60 ይመጣል። ሽፋኑ 0.40 ነው ማለት ነው። አሁን ድርቡን ወደ 4 አውርዱና አልፋውን 0.12 አድርጉት። 0.88 በራሱ 4 ጊዜ ሲባዛ እንደገና 0.60 ነው። ውፍረቱ እኩል ነው፤ ሥራው ግን 40 ከመቶ ብቻ ነው። ጭጋጉ የአዲቲቭ ቅልቅል የሚጠቀም ከሆነ ቀመሩ አይሠራም፤ እዚያ ብርሃኑ ዝም ብሎ ይደመራል።

በዚህ ስሌት 60ውን ወደ 24 እናወርደዋለን። ችግር የሚመጣው እዚህ ነው። ፓርቲክሉ ጥቂት ሆኖ አልፋው ሲጨምር እያንዳንዱ ሲወለድና ሲሞት ይታያል። ጭጋጉ ብልጭ ድርግም ይላል። ሰው «ቀንሰን ነበር፣ አስቀያሚ ሆነ» ብሎ ወደ ድሮው የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ማስተካከያው ቀላል ነው። በሕይወት ያለው ፓርቲክል ብዛት በሰከንድ የሚወለደው ሲባዛ በዕድሜው ነው። የእናንተው በሰከንድ 20 ይወለዳል፣ 3 ሰከንድ ይኖራል። በሰከንድ 6 ይወለድ፣ 4 ሰከንድ ይኑር። ይህ 24 ነው። ከዚያ `Color over Lifetime` ላይ አልፋው ቀስ ብሎ ይነሣ፣ ቀስ ብሎም ይውረድ። የመነሻ ዙረቱ የተለያየ ይሁን። አንድ ዓይነት ጭስ እንዳይደጋገም ደግሞ አራት የተለያዩ ጭሶችን በአንድ ቴክስቸር ላይ አስቀምጣችሁ `Texture Sheet Animation` በዘፈቀደ እንዲመርጥ አድርጉ።

አንድ ነገር ጨምሩ። ጢስ ዓባይ ድረስ ሄዶ ጭጋጉን ትንሽ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ግርጌው ነጭ ሆኖ ይቆያል፣ የሚንቀሳቀሰው ጠርዙ ነው። ክረምት ወጥቶ ዓባይ ሲሞላ ደግሞ ጭራሽ መሐሉ አይለይም። ስለዚህ መሐሉን በፓርቲክል አትሙሉት። ፏፏቴው ግርጌ አንድ ሰፊ ካሬ አስቀምጡ፣ ላዩ ላይ የጭጋግ ቴክስቸር ቀስ እያለ ይንሸራተት። 24ቱን ፓርቲክል ወደ ጠርዙ አውጧቸው። ካሬው የስክሪኑን 40 ከመቶ ቢይዝ እንኳ 460,800 ፒክሰል ነው።

ድምሩን እንይ። ፓርቲክሉ 2.3 ሚሊዮን፣ ካሬው 0.46 ሚሊዮን፣ 600ው ጠብታ 0.09 ሚሊዮን። በአጠቃላይ 2.9 ሚሊዮን ገደማ። ከ13 ጊዜ ቅብ ወደ 2.5 ጊዜ ወረደ፤ ጠብታዎቹም ተመለሱ።

«የሞባይል ጂፒዩ የተሸፈነውን ስለማይስል ኦቨርድሮው አያሳስብም»

ግማሹ እውነት ነው። ብዙ የስልክ ጂፒዩ ስክሪኑን በትንንሽ ቁራጭ ከፋፍሎ ይሠራል። ድንጋይ ከኋላው ያለውን ዛፍ ከሸፈነ ዛፉን ላይስለው ይችላል። ጭጋግ ግን ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም፤ ከኋላው ያለው መታየት አለበት። ስለዚህ እያንዳንዱ ድርብ የግድ ይሠራል። ይህን ለጥቅማችሁ አውሉት፦ ፏፏቴው ፊት ለፊት ያለውን ጥቁር ድንጋይ ወደ ካሜራው ብታቀርቡት ከኋላው የገባው ጭጋግ ሳይሠራ ይቀራል።

«ካሜራው ሲጠጋ ጭጋጉን ካደበዘዝኩት ይቀላል»

መልኩን ያሳምራል፣ ሥራውን ግን አይቀንስም። አልፋው ዜሮ የደረሰ ፓርቲክል ስክሪኑን ሞልቶ ቢቆም ስሌቱ በሙሉ ይሠራል። ተጫዋቹ ወደ ፏፏቴው ሲሮጥ ፍሬሙ በድንገት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። `Renderer` ውስጥ `Max Particle Size` አለ፤ አንድ ፓርቲክል ከስክሪኑ ምን ያህል እንዲይዝ እንደሚፈቀድለት ይወስናል። ሳይነካ 0.5 ነው። 0.3 አካባቢ ሞክሩት። በጣም ካሳነሳችሁት ጭጋጉ ስትጠጉት የሚሸሽ ይመስላል፤ ስለዚህ ካሜራውን እያንቀሳቀሳችሁ አስተካክሉት።

«ላፕቶፔ ላይ 60 ከሆነ ደህና ነው»

አይደለም። የላፕቶፕ ጂፒዩ ይህን ቅብ ሳይሰማው ያልፈዋል። ስልኩ ላይ ለኩ፤ የምትለኩትም በፍሬም ቁጥር ሳይሆን በሚሊሰከንድ ይሁን። ለ60 ፍሬም ያላችሁ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው፤ 22 ማለት ደግሞ 45 ነው። ፕሮፋይለሩ ላይ `Gfx.WaitForPresentOnGfxThread` ረዝሞ ካያችሁና ሲፒዩው ሌላ ሥራ ከሌለው፣ ጂፒዩውን እየጠበቀ መሆኑን ጠርጥሩ። ልኬቱንም ጌሙ በተከፈተ ደቂቃ አትጨርሱት። ስልኩ ሲግል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ አሥር ደቂቃ ያህል ፏፏቴው ፊት አቁማችሁት እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ያኔ ከ16.7 ካለፈ አሁንም የምትቀንሱት ጭጋጉን ነው።