የፕሮምፕት ብሪፍ ለዳቦ ቤት የእንቁጣጣሽ ፖስተር

የፕሮምፕት ብሪፍ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምስል የሚሠራ ዲዛይነር ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ለደንበኛው የሚያስረክበው አጭር ሰነድ ነው። በፖስተሩ ላይ ምን እንደሚታይ፣ ምን እንደማይታይ፣ የትኛው ጽሑፍ እንደሚሰፍርና ተሠርቶ የመጣው ምስል በምን እንደሚመዘን በግልጽ አማርኛ ያስቀምጣል። ደንበኛው አንብቦ ሲፈርምበት የሥራው ስምምነት አካል ይሆናል። ለመተግበሪያው የሚጻፈው ትእዛዝ፣ ማለትም ፕሮምፕቱ ራሱ፣ ከሰነዱ መጨረሻ ይያያዛል እንጂ ሰነዱን አይተካም።

ፕሮምፕቱን ብቻ ለደንበኛ አሳይቶ "ይሁን" ማሰኘት ዋጋ የለውም። አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ከዚያም በላይ ያው ፕሮምፕት ሁለት ጊዜ ቢላክ ሁለት የተለያዩ ምስሎች ይመጣሉ። ስለዚህ የዳቦ ቤቷ ባለቤት ልትፈርምበት የምትችለው ገና ያልተሠራውን ሥዕል ሳይሆን ሥዕሉ ሊያሟላው የሚገባውን ነገር ነው። የብሪፍ ጥራት የሚለካውም እዚህ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ መስመር ምስሉ ሲመጣ "አሟልቷል" ወይም "አላሟላም" ተብሎ ሊመለስ ይገባል። "የበዓል ድባብ ያለው፣ ሞቅ ያለ ምስል" በሚል መስመር ማንም ይስማማል፤ ምስሉ ሲመጣ ግን ደንበኛና ዲዛይነር በልባቸው የያዙት የተለያየ መሆኑ ይገለጣል። "ዳቦው አንድ ነው፣ ክብ ነው፣ አልተቆረሰም" የሚለው ግን ለክርክር አይመችም።

አንድ ምሳሌ እንያዝ። በአዲስ አበባ ያለች ትንሽ ዳቦ ቤት ለ2019 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ድፎ ዳቦ በትእዛዝ ልትሸጥ አስባለች፤ በሯ ላይ የሚለጠፍ የኤ3 መጠን ፖስተር ትፈልጋለች።

ዲዛይነሩ መጀመሪያ የሚከፍተው መተግበሪያውን ሳይሆን የቀን መቁጠሪያውን ነው። መስከረም 1 ቀን 2019 ዓ.ም. ዓርብ ላይ ይውላል። ገናና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውሉ በኦርቶዶክስ ሥርዓት ጾሙ ይሻራል፤ እንቁጣጣሽ ግን ይህ ፈቃድ የለውም። ስለዚህ ከዳቦው አጠገብ ዶሮ ወጥ፣ እንቁላል ወይም አይብ የያዘ ማዕድ የሚያሳይ ፖስተር ብዙዎቹን የሰፈሩን ደንበኞች ቅር ያሰኛል፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር። መተግበሪያው ይህን አያውቅም፤ "የኢትዮጵያ አዲስ ዓመት ማዕድ" ከተባለ ወጥ የተደረደረበት እንጀራ ማቅረቡ አይቀርም። በዚያው አጋጣሚ ባለቤቷ አንድ ጥያቄ ትጠየቃለች፦ ድፎው ወተት፣ ቅቤ ወይም እንቁላል ይገባበታል? ካልገባበት "የጾም" የሚለው ቃል በፖስተሩ ላይ ሊሰፍር ይችላል፤ ለዚያ ዓርብም ከማንኛውም ማጌጫ ይልቅ የሚሸጠው ይኸው ቃል ነው።

ቀጥሎ ዳቦው አለ፤ ብሪፉ ረዘም ብሎ መጻፍ ያለበትም እዚህ ላይ ነው። ምስል ፈጣሪዎች "ባህላዊ ዳቦ" ሲባሉ በብዛት የሚያወጡት የአውሮፓን ዳቦ ነው፤ ፊቱ በስለት የተሰነጠቀ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት፣ ቅርፊቱ ጠንካራ የሆነ። ድፎ እንዲህ አይደለም። ሰፊና ክብ ነው፣ መሀሉ በመጠኑ ከፍ ይላል፣ ፊቱ ለስላሳና ወርቃማ ቡናማ ነው፣ በስለት አይሰነጠቅም፣ ዱቄትም አይነሰነስበትም። ኮባ ተነጥፎለት ከተጋገረ ቅጠሉ ደርቆና ጠቁሮ ከዳር ይታያል፤ የቅጠሉ መስመርም በዳቦው ጎን ላይ ታትሞ ይቀራል። ይህን መስመር ያሳየ ምስል ድፎን የሚያውቅ ሰው አይቶ የሚያምነው ምስል ነው። ዳቦ ቤቷ በኮባ ሳይሆን በትሪ የምትጋግር ከሆነ ደግሞ ኮባው ከብሪፉ ይወጣል። የማይሸጥን ነገር ማሳየት ገዢን ከማሳዘኑም በላይ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።

ለዚህ መድኃኒቱ ፎቶ ነው። ባለቤቷ ከራሷ ምድጃ የወጣ አንድ ድፎ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ አንዴ ከላይ አንዴ ከጎን በስልኳ አንስታ ትልካለች። ፎቶዎቹ ከብሪፉ ጋር ይያያዛሉ፤ መተግበሪያው ምስልን በማጣቀሻነት የሚቀበል ከሆነ ከፕሮምፕቱ ጋር ይገባሉ፣ ካልሆነም ርክክብ ላይ ማመሳከሪያ ይሆናሉ። ብሪፉ አንድ መውጫም ማስቀመጥ አለበት፦ በሁለት ዙር ሙከራ ዳቦው ድፎ ካልመሰለ፣ እውነተኛው ዳቦ በደንብ ፎቶ ተነሥቶ ዙሪያው ብቻ በመተግበሪያው ይሠራል። እንደ እኔ ግምት ለምግብ ቤትና ለዳቦ ቤት ይህኛው መንገድ ከመጀመሪያውም የተሻለ ነው፤ ደንበኛው ግን አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

በዙሪያው ያለው ነገር ይነስ። ጀበና፣ ረከቦት፣ ሲኒ፣ ነጠላ የለበሰች እናት፣ ዳቦ የሚባርኩ አባት፣ ሁሉም ቢገቡ ደስ ይላሉ፤ ግን እያንዳንዱ ዕቃ የሚበላሽበት የራሱ መንገድ አለው። ሲኒው እጀታ አውጥቶ ይመጣል፣ ጀበናው የሻይ ማንቆርቆሪያ ይሆናል፣ የነጠላው ጥለት መሀል ላይ ይቋረጣል፣ ዳቦ የያዘው እጅ ጣቱ ይበዛል። ለዚህ ፖስተር ከዳቦው ሌላ ቄጠማና አደይ አበባ ይበቃሉ። አደይም ቢሆን መገለጽ አለበት፤ "ቢጫ አበባ" ከተባለ ሱፍ አበባ ይመጣል፣ መሀሉ ትልቅና ጥቁር። አደይ ትንሽ ናት፣ ቅጠሎቿ ጥቂትና ሰፋ ያሉ፣ መሀሏም ቢጫ ነው።

ጽሑፉን በተመለከተ ደንቡ አንድ ነው፦ ፊደል በምስል ፈጣሪው አይጻፍም። አብዛኞቹ መተግበሪያዎች የግእዝ ፊደልን ሲስሉ ፊደል የሚመስል፣ ሲነበብ ግን ምንም የማይል ጭረት ያወጣሉ፤ ራቅ ብሎ ላየው ትክክል ስለሚመስል ታትሞ እስኪለጠፍ ድረስ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ምስሉ ያለ ጽሑፍ ተሠርቶ የላይኛው ሲሶ ባዶ ይተዋል፤ ጽሑፉን ዲዛይነሩ በኋላ በዩኒኮድ ፊደል ያስቀምጠዋል። ብሪፉ ውስጥ ጽሑፉ እንደሚታተመው ሆኖ ይገባል፣ እስከ ነጥቡ። ለምሳሌ፦

> እንኳን ለ2019 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ።
> የጾም ድፎ ዳቦ በትእዛዝ
> ትእዛዝ የምንቀበለው እስከ ጳጉሜን 3 ነው።
> መረከቢያ፦ ጳጉሜን 5 ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ

ባለቤቷ ይህን ጮክ ብላ ታንብበው። "ዓመተ ምሕረት" በየትኛው "ዓ" ይጻፍ የሚለው፣ የዳቦ ቤቱ ስም ንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለው መሆን አለመሆኑ፣ ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ፣ ሁሉም ከፊርማው በፊት ያልቃል። ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው ፋይል ላይም ፊደሉ ከርቭ መደረግ፣ ማለትም ከጽሑፍ ወደ ቅርጽ መለወጥ አለበት፤ አለበለዚያ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያ ፊደል ከሌለ ጽሑፉ ወደ ባዶ ሳጥን ይለወጣል።

መጠኑም ቀድሞ ይሰላል። ኤ3 ማለት 297 በ420 ሚሊ ሜትር ነው። መተግበሪያው የሚያወጣው 1024 በ1536 ፒክስል ቢሆን ከኤ3 ይልቅ ቀጠን ስለሚል ከቁመቱ 88 ፒክስል ያህል ይቆረጣል፤ ባዶ የተተወው ሲሶም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በዚያ መጠን ቢታተም በኢንች 88 ነጥብ ገደማ ነው፣ ከቅርብ ለሚነበብ ወረቀት አይበቃም። አራት እጥፍ ሲጎላ 350 ገደማ ይደርሳል፤ ይህ ለጥሩ ህትመት ከሚፈለገው 300 ያልፋል። ሲጎላ ግን የዳቦው ፊት እንደ ፕላስቲክ ሊያብለጨልጭ ስለሚችል ከጎላ በኋላ እንደገና ይታያል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ፕሮምፕቱ የሚጻፈው፤ አጭርም ይሆናል።

```
One large round loaf of Ethiopian difo dabo, smooth unscored
golden-brown crust, resting on a dry browned enset leaf.
Fresh green grass strewn on the floor. A small bunch of yellow
Bidens flowers at lower left, few broad petals, yellow centers.
Soft morning window light, high angle.
Top third: plain dark green wall, empty.
```

እዚህ ላይ "ሲኒ አይኑር፣ ሰው አይኑር" የሚል የለም። ብዙ ምስል ፈጣሪዎች "አይኑር" የሚለውን ዘለው ስሙ የተጠራውን ነገር ይስሉታልና፣ ሲኒን ለማስቀረት ሲኒን አለመጥራት ይሻላል። የሚከለከለው ነገር በአማርኛው ሰነድ ውስጥ ለምዘና ይቀመጣል፤ ሚድጆርኒን በመሳሰሉ ለክልከላ የተለየ ቦታ ባላቸው መተግበሪያዎች ብቻ በ`--no` ይገባል።

የማጽደቂያው ክፍል ከሁሉም አጭር ነው፣ ሲዘለል ግን ብዙ ጠብ የሚመጣው ከእሱ ነው። ዲዛይነሩ ሦስት ምስል ያቀርባል፣ ባለቤቷ አንዱን ትመርጣለች፣ በተመረጠው ላይ ሁለት ዙር እርማት አለ። ብሪፉ ያላዘዘው አዲስ ነገር፣ ለምሳሌ "ጀበናም ቢጨመር" ከተባለ፣ እርማት ሳይሆን አዲስ ሥራ ነውና ለብቻው ይታሰባል። ብሪፉ ያዘዘው ሳይሟላ ከቀረ ግን፣ ዳቦው ላይ የስለት ምልክት ቢታይ ወይም አበባው ሱፍ ሆኖ ቢመጣ፣ ዲዛይነሩ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይደግመዋል፣ ከሁለቱ ዙርም አይቆጠርም። ቀለሙ በስክሪን ሳይሆን በወረቀት ይጸድቃል። በስክሪን የሚያበራው የቄጠማ አረንጓዴ በህትመት ቀለም ደብዘዝ ስለሚል፣ ሙሉው ብዛት ከመታተሙ በፊት አንድ ቅጂ ወጥቶ በራሱ በዳቦ ቤቱ በር ላይ፣ በቀን ብርሃን ይታያል፤ ሁለተኛው ፊርማም በዚያ ቅጂ ጀርባ ላይ ይሰፍራል።