ረጅም የኤችዲኤምአይ ገመድ ምስል የማያሳየው ለምንድን ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ኤችዲኤምአይ ዲጂታል ነው፤ ርዝመቱ ለውጥ የለውም። ካልሠራ ገመዱ ተበላሽቷል ማለት ነው።»

መረጃው ዲጂታል ቢሆንም በሽቦው ላይ የሚጓዘው የኤሌክትሪክ ሞገድ ነው፤ ሞገዱ በፈጠነ ቁጥር ደግሞ መዳብ ላይ ቶሎ ይደክማል። ፈጣን ሞገድ በሽቦው ገጽ ላይ ብቻ ስለሚያልፍ ተቃውሞው ይጨምራል፤ ከኃይሉም ከፊሉን የሽቦው ሽፋን ይውጠዋል። ምስሉ 1080ፒ በሴኮንድ 60 ፍሬም ሲሆን እያንዳንዱ የመረጃ ጥንድ ሽቦ በሴኮንድ 1.5 ቢሊዮን ቢት ገደማ ይሸከማል፤ በ4ኬ 60 ፍሬም ግን ቁጥሩ ወደ 6 ቢሊዮን ይጠጋል። በዚህ ምክንያት አንድ ገመድ ምንም ሳይበላሽ ለመጀመሪያው በቂ፣ ለሁለተኛው ግን ከአቅሙ በላይ ረጅም ሊሆን ይችላል።

በአንድ የስብሰባ አዳራሽ ከመድረኩ ላፕቶፕ እስከ ጣሪያው ፕሮጀክተር 15 ሜትር የመዳብ ገመድ በግድግዳ ቱቦ ውስጥ ተዘርግቶ ነበር፤ ፕሮጀክተሩ የሚያሳየው ግን No Signal የሚል ጽሑፍ ብቻ ነበር። ላፕቶፑን መሰላል ላይ ወጥተን በ2 ሜትር ገመድ ስናገናኘው 4ኬ ያለ እንከን መጣ። በረጅሙ ገመድ ላይ 30 ፍሬም ስናደርገው ምስሉ ታየ፤ ነገር ግን ጥቁር ቦታዎች ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ብልጭ ድርግም ይሉ ነበር። ወደ 1080ፒ ስናወርደው ሁሉም ጠራ። ነጠብጣቦቹ ተቀባዩ አንዳንድ ቢቶችን በስሕተት ማንበቡን ያሳያሉ፤ ስሕተቱ ሲበዛ ምስሉ ለሴኮንዶች ይጠፋል፣ በመጨረሻም ጭራሽ አይመጣም። ሪዞሉሽን ሲቀንስ የሚመለስ ምስል ጥፋቱ የፍጥነትና የርዝመት እንደሆነ ይጠቁማል።

«ጫፉ በወርቅ የተለበጠውን ብንገዛ ይሻላል።»

ወርቅ ጫፉን ከዝገት ይጠብቃል እንጂ በ15 ሜትር መዳብ ላይ የሚጠፋውን ኃይል አይመልስም።

«በ1080ፒም ምንም አይታይም፤ እንግዲያው ፖርቱ ተቃጥሏል።»

ምናልባት፤ ነገር ግን መጀመሪያ መታየት ያለባቸው ሌሎች ሽቦዎች አሉ። ከምስል ተሸካሚዎቹ ጎን ለጎን በዝግታ የሚነጋገሩ ቀጫጭን መስመሮች ያልፋሉ፤ ላፕቶፑ ስክሪኑ የትኞቹን ሪዞሉሽኖች እንደሚችል የሚያነበው፣ የቅጂ መከላከያ ቁልፉም የሚረጋገጠው በእነዚህ ነው። ገመዱ ሲረዝም እነዚህም ምልክታቸው ይደበዝዛል። ላፕቶፑ ሊኑክስ ከሆነ የተነበበውን ዝርዝር እንዲህ ማየት ይቻላል፦

```
cat /sys/class/drm/card*-HDMI-A-*/modes
```

ዝርዝሩ ከ1024x768 የማይበልጥ ከሆነ ላፕቶፑ የስክሪኑን ማንነት ማንበብ አልቻለም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ጨርሶ ባዶ ከሆነ ደግሞ ስክሪን መኖሩንም አላወቀም።

«አክቲቭ ገመድ ገዛሁ፤ ጭራሽ ጠፋ። አጭበርብረውኛል።»

ከመመለስዎ በፊት ጫፎቹን ያገላብጡ። አክቲቭ ገመድ በስክሪኑ በኩል ባለው ጫፍ ውስጥ የደከመውን ሞገድ የሚያበረታ ቺፕ ስላለው የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ «ሶርስ» የተጻፈበት ጫፍ ላፕቶፑ ላይ፣ «ዲስፕሌይ» የተጻፈበት ደግሞ ፕሮጀክተሩ ላይ ይሰካል። ቺፑ ኃይሉን የሚወስደው ከላፕቶፑ የኤችዲኤምአይ ፖርት ከሚወጣው 5 ቮልት ነው፤ የኤችዲኤምአይ ደረጃ ላፕቶፑ እንዲሰጥ የሚያስገድደው ደግሞ 55 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ይህ ስለማይበቃቸው አንዳንድ ገመዶች ተጨማሪ የዩኤስቢ መሰኪያ ይዘው ይመጣሉ፤ ያንን ሳይሰኩ መተው የተለመደ ስሕተት ነው። በእኔ ግምት አክቲቭ መዳብ ለ4ኬ 60 ፍሬም የሚጠቅመው ከ5 እስከ 10 ሜትር ገደማ ባለው ክልል ነው፤ ከዚያ በታች ጥሩ ተራ ገመድ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የሚታመን አይደለም።

«ኦፕቲካል ከሆነ ሁሉም ነገር ይፈታል።»

የሚፈታው የፍጥነቱን ችግር ነው። በላፕቶፑ በኩል ያለው ጫፍ ሞገዱን በጥቃቅን ሌዘሮች ወደ ብርሃን ይለውጣል፤ የፕሮጀክተሩ ጫፍ መልሶ ኤሌክትሪክ ያደርገዋል። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ 30 ሜትር ተጉዞ የሚደክመው እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ አዳራሹም የተፈታው በ20 ሜትር ኦፕቲካል ገመድ ነበር። ዝግተኞቹ መስመሮች ግን በአብዛኞቹ ገመዶች ውስጥ አሁንም መዳብ ናቸው፤ ስለዚህ ስክሪኑን የማንበብና የቅጂ መከላከያ ችግሮች አብረው ሊቀጥሉ ይችላሉ። አቅጣጫ መምረጡም፣ ከ5 ቮልቱ መመገቡም እንዳለ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ መስታወቱ በሹል ማጠፍ ይሰበራል፣ ቆርጦ ሌላ ጫፍ መግጠምም አይቻልም። በቱቦ ሲጎተት የመጎተቻው ሲባጎ የሚታሰረው በጫፉ ላይ ሳይሆን በገመዱ አካል ላይ ነው፤ እኛም ከመጎተታችን በፊት ገመዱን ወለል ላይ ዘርግተን በዚያው ላፕቶፕና በዚያው ፕሮጀክተር ግማሽ ሰዓት አሠርተነዋል።