የተመዘገበ አድራሻ ምንድን ነው? ንግድ ፈቃዱ ላይ ያየኸው ላይሆን ይችላል

ሰሞኑን ያንኑ የተለመደ ምክር እንደገና አነበብኩት። አንድ ሰው ለአንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቀብድ ከፍሎ ዕቃው ስላልመጣለት «ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የት ልላክ?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ አዋቂ ከተፍ ብሎ መለሰለት፦ «ንግድ ፈቃዱ ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ ስካን አድርገው። ከወጣ አድራሻው የተረጋገጠ ነው፤ እዚያ ላከው።» ብዙ ሰው አመሰገነው። እኔ ግን ሥራዬ የድርጅት ሰነድ ማጣራት ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ወንድሜ፣ ስካን ስታደርግ የተረጋገጠው ፈቃዱ ነው። አድራሻው አይደለም።

የተመዘገበ አድራሻ ስንል ማኅበሩ በንግድ መዝገብ ላይ «ዋና መሥሪያ ቤቴ ይህ ነው» ብሎ ያስመዘገበው ቦታ ነው። መነሻው የመመሥረቻ ጽሑፉ ነው። ከዚያ ወደ ንግድ ምዝገባ ምስክር ወረቀቱ ይገባል። ንግድ ፈቃዱ ሌላ ወረቀት ነው። በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት አንድ ነጋዴ የሚመዘገበው አንድ ጊዜ፣ ዋናው መሥሪያ ቤቱ ባለበት ቦታ ነው። ፈቃድ ግን ለሚሠራው የሥራ መስክ የሚሰጥ ሲሆን በየዓመቱ ይታደሳል። ስለዚህ አንድ ማኅበር አንድ ምዝገባ ይዞ ሦስት አራት ፈቃድ ሊኖረው ይችላል። የአስመጪነቱ ፈቃድ አንድ ክፍለ ከተማ፣ የጅምላው ሌላ ክፍለ ከተማ ቢጠቁም የሚገርም ነገር የለውም። ፈቃዱ ላይ ያለው ያ ሥራ የሚሠራበት ቦታ አድራሻ ነው።

በቀበሌ መታወቂያ አስበው። መዝገቡ ቀበሌው ጋ ያለው የቤተሰብ ቅጽ ነው፤ ፈቃዱ ደግሞ ኪስህ ውስጥ ያለው መታወቂያ። መታወቂያህ ስለታደሰ ብቻ እዚያ ቤት ታድራለህ ማለት አይደለም። ጉለሌ የወጣ መታወቂያ ይዞ አያት የሚኖር ስንት ሰው አለ! ቤት ሲቀይር መሸኛ ማውጣት ነበረበት፤ ሰነፈ። ድርጅትም እንዲሁ ነው። ቢሮ ሲለቅ አጠቃላይ ጉባኤው መወሰን፣ ቃለ ጉባኤው በሰነዶች ማረጋገጫ መጽደቅ፣ ከዚያ መዝገቡ ላይ ለውጡ መግባት አለበት። የግብር ፋይሉም ወደ አዲሱ ቅርንጫፍ መዛወር አለበት። ይህን ሁሉ ላለመመላለስ ስንቱ ዝም ብሎ ዕቃውን አይሱዙ ላይ ጭኖ ይሄዳል! ምሳሌው ግን አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። ሰው ሁለት መታወቂያ ከያዘ ያስጠይቀዋል፤ ድርጅት ሦስት ፈቃድ በሦስት አድራሻ ቢይዝ ሕጋዊ ነው።

«ታዲያ ዋናው መሥሪያ ቤት የት እንደሆነ ምን ያደርግልኛል? ሰዎቹን ባገኛቸው ይበቃኛል» የሚልም አለ። ለቡና ከሆነ ይበቃሃል። ክስ ከመጣ ግን የትኛው ፍርድ ቤት እንደምትሄድና መጥሪያው የት እንደሚደርስ ስትወስን ከምትይዛቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ድርጅቱ «እዚያ የለሁም፤ ከለቀቅሁ ቆየሁ» ቢልህም መዝገቡን ሳያስተካክል የተናገረው ነገር አንተን ሊጎዳህ አይገባም። የመዝገብ ጥቅሙ እሱ ነው።

አንድ ፋይል ላሳያችሁ፤ ባለቤቶቹ እንዳይታወቁ ዝርዝሩን ቀየር አድርጌዋለሁ። ደንበኛው በእጁ ያለው በቴሌግራም የተላከለት የንግድ ፈቃድ ፎቶና አንድ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ነው። ፈቃዱ ላይ «አዲስ አበባ፣ ቦሌ ክፍለ ከተማ» ይላል፤ ወረዳም አለው። የቤት ቁጥሩ ቦታ ላይ ደግሞ «አዲስ» ተብሎ ተጽፏል። ይህችን «አዲስ» በደንብ አስተውሏት። ቤቱ በጊዜው ቁጥር አልተሰጠውም ማለት ነው። በአንድ ወረዳ ውስጥ የቤት ቁጥራቸው «አዲስ» የሆነ ድርጅቶች ሞልተዋል። ስለዚህ ይህ አድራሻ ትክክል ቢሆን እንኳ በር ላይ አያደርስህም።

መጀመሪያ ያደረግነው የፎቶውን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማለትም ቲን ከደረሰኙ ጋር ማስተያየት ነው። አሥር አሃዝ ነው፤ አንድ በአንድ አንብቡት። ሁለቱ ካልገጠሙ ፈቃዱ ወይም ደረሰኙ የሌላ ሰው ነው፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ድካም ነው። እነዚህ ገጠሙ። ከዚያ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ ፈለግነው፦

```
etrade.gov.et
```

አድራሻውን ራሳችሁ ጻፉት እንጂ ፎቶው ላይ ያለው ኪውአር ኮድ ወደሚወስዳችሁ ቦታ ዝም ብላችሁ አትሂዱ። ኮድ ማንም ያትማል፤ ተመሳሳይ ገጽ መሥራትም ከባድ አይደለም። ስትፈልጉም በቲን ፈልጉ። በስም መፈለግ ያሳስታል፤ የማኅበሩ ስምና ሱቁ ላይ የተሰቀለው የንግድ ስም የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ።

ገጹ ላይ ማኅበሩ ወጣ። የተመዘገበበት ቀን አለ፤ ሥራ አስኪያጁ አለ፤ ከሥሩ ሁለት ፈቃዶች ተዘርዝረዋል። አንዱን ስንከፍት ፎቶው ላይ ያለው የቦሌው አድራሻ ነው። ሌላውን ስንከፍት አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ይላል፤ መርካቶ ያለው መጋዘናቸው መሆኑ ነው። የኔ አዋቂ «ወጣ» የሚለው እዚህ ድረስ ነው። ግን ከሁለቱ የቱ ነው ዋና መሥሪያ ቤት? ከፈቃዶቹ ይህን ማወቅ አይቻልም። ደግሞ ሁለቱም አድራሻዎች ድርጅቱ በጊዜው ያስመዘገባቸው ናቸው። ዛሬ ጠዋት ማንም ሄዶ አላያቸውም።

(ሳትጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። የዕድሳት ጊዜው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። በመስከረም ያልታደሰ ፈቃድ አይታችሁ «ድርጅቱ ጠፍቷል» አትበሉ፤ ጊዜ አለው።)

ስለዚህ ወደ መዝገቡ ሄድን። የንግድ ምዝገባ ምስክር ወረቀቱን ማን እንደሰጠ ራሱ ወረቀቱ ላይ አለ፤ ሚኒስቴሩ ወይም የከተማው ንግድ ቢሮ ሊሆን ይችላል። የንግድ መዝገብ በመርህ ደረጃ ለሚጠይቅ ሁሉ ክፍት ነው። በተግባር ግን በማመልከቻ፣ ምክንያትህን ጽፈህ፣ ክፍያ ከፍለህ ነው፤ አንዳንድ ቦታ «የፍርድ ቤት ትዕዛዝ አምጣ» ትባላለህ። ከደጅ ጥናቱ በፊት ግን ቀላሉን መንገድ ሞክሩ፤ ድርጅቱን ራሱን ጠይቁ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ከሆነ ምስክር ወረቀቱንና የመመሥረቻ ጽሑፉን ከነማሻሻያው ለማሳየት የሚያቅማማ ድርጅት ብዙ ነገር ነግሯችኋል። የኛ ደንበኛ ከፍሎ ስለነበር ረጅሙን መንገድ ሄደ።

ከፋይሉ የተገኘው እንዲህ ነው። የመመሥረቻ ጽሑፉ ዋና መሥሪያ ቤቱን ቦሌ ክፍለ ከተማ ያደርገዋል፤ ወረዳውም ፈቃዱ ላይ ያለው ነው። መርካቶው የሥራ ቦታ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አድራሻ የሚቀይር ቃለ ጉባኤ አልተያያዘም። ስለዚህ ሕጋዊው አድራሻ የቦሌው ነው ማለት ነው።

ግን ያ የቦሌ ወረዳ ዛሬ ቦሌ ውስጥ የለም! ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በ2013 ዓ.ም. ሲቋቋም ከቦሌና ከየካ ወረዳዎች ተወስደው ነው። ሕንፃው የትም አልሄደም፤ ክፍለ ከተማው ነው የሄደው። ይህን የማያውቅ ሰው ቦሌ ክፍለ ከተማ ሄዶ ያንን አድራሻ ቢያጣ «ሐሰተኛ ነው» ብሎ ይመለሳል። ከለሚ ኩራ በፊት በተጻፈ ማንኛውም የቦሌ ወይም የየካ አድራሻ ላይ ይህን ጥያቄ ጠይቁ። ከከተማ ውጭም አለ፤ «ደቡብ ክልል» የሚል ወረቀት ስታዩ ቦታው ዛሬ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ደቡብ ኢትዮጵያ ወይም ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ በአካል ሄድን። የቤት ቁጥሩ «አዲስ» ስለሆነ ያገኘነው በዘበኛ ነው። ሕንፃው አለ። ማኅበሩ ከዚያ መልቀቁንና የተከራየው ሌላ ሰው መሆኑን ነገረን። አሁን ያሉበትን ያገኘነው ከደረሰኙ ነው። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ራሱ ላይ ስም፣ ቲንና አድራሻ ይታተማል፤ ማሽኑንም ግብር ቢሮ የሚያውቀው በቦታው ነው። ቦታ የቀየረ ድርጅት መዝገቡን ቢረሳም ማሽኑን መርሳት አይመቸውም፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ቅጣት አለው። የቅርብ ቀን ደረሰኝ ካላችሁ ስለ ትክክለኛው የሥራ ቦታ ከፈቃዱ የተሻለ ይናገራል። ዋና መሥሪያ ቤት ግን አያደርገውም።

እና ደብዳቤው የት ተላከ? ሁለቱም ጋ። አንዱ በሪኮማንዴ፣ በተመዘገበው አድራሻ፤ የክፍለ ከተማው የድሮ ስምም የአሁኑ ስምም አብሮ ተጽፎበት። ሌላው በእጅ፣ ደረሰኙ ላይ ባለው ቦታ፣ በመዝገብ ደብተር አስፈርሞ። ፖስታ ቤታችን የሚያደርሰው ሳጥን ድረስ ስለሆነ የድርጅቱ ፖ.ሳ.ቁ. ካለ ይጻፍ፤ ነገር ግን ሳጥን ቁጥር የዋና መሥሪያ ቤት ምትክ አይደለም።

ለዚያ አዋቂ አንድ ነገር ልስጠው። ስካኑ ከንቱ አይደለም። ፈቃዱ እውነተኛ መሆኑን፣ የማን እንደሆነና በምን መስክ እንደተሰጠ ይነግራል። የአስመጪነት ፈቃድ ያሳየህ ሰው ቤት ሊሸጥልህ ከሆነ ስካኑ ብቻውን ገንዘብህን ያተርፍልሃል። ይህ በተለይ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ሆናችሁ በፎቶ ለምትገዙ ነው።

ውሉን ገና ያልፈረማችሁ ደግሞ አንድ አንቀጽ አስገቡ፦ ማስታወቂያ የሚደርሰው በዚህ አድራሻ ነው፤ የቀየረ ወገን በጽሑፍ ያሳውቃል፤ እስካላሳወቀ ድረስ በቀድሞው የተላከው እንደደረሰው ይቆጠራል። አድራሻውን ስትጽፉ ክፍለ ከተማና ወረዳ ብቻ አታድርጉት። የሕንፃውን ስም፣ ፎቁንና የቢሮ ቁጥሩን ጨምሩ። ቤት ቁጥሩ «አዲስ» ከሆነማ የግድ ነው።