የገበያ ወራት ምንድን ነው? ቤት መቼ ይሸጣል፣ ዋጋውስ መቼ ይሰበራል?

ድሬዳዋ ውስጥ ቤት ለመሸጥ ያሰበ ሰው ደላላውን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ያወጣል?» ብሎ ነው። «በስንት ጊዜ ይሸጣል?» የሚለውን የሚያነሳው ከወራት በኋላ ስልኩ ጸጥ ሲል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ግን አንድ ላይ ነው መጠየቅ ያለባቸው። ዋጋውን ስትቆርጡ ጊዜውንም አብራችሁ እየቆረጣችሁ ነውና።

የገበያ ወራት የምለው ይህንን ነው፦ እንደ እናንተ ቤት ያሉ፣ አሁን ለሽያጭ የቀረቡ ቤቶች በሙሉ ተሸጠው ለማለቅ ስንት ወር ይፈጅባቸዋል? የቀረቡትን ቤቶች ቁጥር በወር ውስጥ በሚሸጡት ቁጥር ማካፈል ነው። 12 ቤት ቀርቦ በወር ሁለት የሚሸጥ ከሆነ የገበያው ወራት ስድስት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የሚከብደው ቆጠራው ነው። አንዱን ቤት አምስት ደላላ በቴሌግራም ይለጥፈዋል፣ እያንዳንዱም በተለያየ ዋጋ፣ አንዳንዱ የራሱን ጨምሮበት። ስለዚህ የምትቆጥሩት ማስታወቂያ ሳይሆን ቤት መሆን አለበት። ፎቶውን፣ ካሬውን፣ የበሩን ቀለም አመሳክሩ። አንድ ቤት በሁለት ዋጋ ከተገኘ ዝቅተኛውን ያዙ፣ ገዢ የሚይዘው እሱን ነውና።

ሌላው «እንደ እናንተ ያሉ» የሚለው ነው። ሳቢያን ያለ 200 ካሬ ቤት ከከዚራ ሰፊ ግቢና ትልልቅ ዛፍ ካለው የድሮ ቤት ጋር አይቆጠርም። ገዢዎቻቸው የተለያዩ ናቸው። ከደቻቱ ወንዝ ዳር ካለ ቤት ጋርም አይቆጠርም። የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ካደረሰው ጉዳት በኋላ ብዙ ገዢ ለወንዙ ምን ያህል እንደሚቀርብ ሳይጠይቅ አያልፍም። የተሸጡትን ለማወቅ ደግሞ ሦስት አራት ደላላ ለየብቻ ጠይቁ፤ ባለፉት ሦስት ወራት በትክክል ቀብድ የተቀበሉትን ብቻ ቁጠሩ። «ሊሸጥ ነው» የተባለው አይቆጠርም።

አሁን አንድ ምሳሌ እንሥራ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተቀመጡ ናቸው፣ የእናንተን ራሳችሁ ቆጥራችሁ ትተካላችሁ። አንዲት እናት ሳቢያን 200 ካሬ ላይ ያረፈ፣ ካርታ ያለው ቤታቸውን 8 ሚሊዮን ብር ብለው አወጡት። ማስታወቂያዎቹ 19 ናቸው፤ ሲመሳከሩ ግን ቤቶቹ የእሳቸውን ጨምሮ 12 ሆኑ። በሦስት ወር የተሸጡት ስድስት ናቸው፤ በወር ሁለት ማለት ነው። የገበያው ወራት ስድስት ወር ሆነ።

ይህ ግን የገበያው እንጂ የእሳቸው አይደለም። ተመሳሳይ ቤቶችን የሚያይ ገዢ ከርካሹ ስለሚጀምር ቤቶቹ በዋጋ ሰልፍ እንደያዙ ቁጠሩት። ከእሳቸው በታች ስምንት ቤት አለ፦ ሁለቱ 7.2 ሚሊዮን፣ አምስቱ 7.5፣ አንዱ 7.9። ስለዚህ ዘጠነኛ ናቸው። በወር ሁለት ከፊት ከተሸጠ ተራቸው በአምስተኛው ወር ይደርሳል። ያውም ማንም አዲስ ካልገባ ነው። በየወሩ አንድ አዲስ ቤት ከእሳቸው በታች ዋጋ ይዞ ቢመጣ ሰልፉ የሚንቀሳቀሰው በወር አንድ ብቻ ነው፣ ተራቸውም ወደ ዘጠነኛው ወር ይሸሻል። ብዙ ሻጭ «ለምን ቆየብኝ?» የሚለው ይህን አዲስ ገቢ ስለማይቆጥር ነው።

እሳቸው ደግሞ ገንዘቡን በአራት ወር ውስጥ ይፈልጉታል። ምን ያህል ይቀንሱ? ደላላው «7.8 በሉት» ቢላቸው የሚያልፉት ያን 7.9 የተባለውን አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ሰባቱ ከፊታቸው ናቸው። 200 ሺህ ብር ጥለው አንድ ደረጃ ብቻ ማለት ነው። ወደ 7.45 ቢያወርዱት ግን እነዚያን 7.5 ላይ የታጨቁትን አምስቱን ጭምር ያልፋሉ፣ ሦስተኛ ይሆናሉ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወር የመሸጥ ዕድል አላቸው። ዋጋ የሚሰበረው በመቶኛ ሳይሆን የሚቀጥሉትን ቤቶች አይቶ ነው። በትንሽ በትንሹ ሦስት አራት ጊዜ መቀነስ ደግሞ ገዢውን «ቆይ፣ ገና ይወርዳል» ያሰኘዋል። አንዴ፣ በሚገባ መቀነስ ይሻላል።

«550 ሺህ ብር ልጥል ነው እንዴ?» የሚል አለ። ስጋቱ ትክክል ነው። ቤቱ ባዶ ቢሆንና ኪራዩ በወር 20 ሺህ ቢሆን፣ ከሁለተኛው እስከ ዘጠነኛው ወር፣ ሰባት ወር መጠበቅ የሚያሳጣው 140 ሺህ ብር ነው። በዚህ ብቻ ከታየ መጠበቁ ያዋጣል። ግን 8 ሚሊዮን የተባለ ዋጋ እንጂ የተከፈለ ዋጋ አይደለም። የከረመ ቤት ላይ ገዢው «ይሄን ያህል ለምን ሳይሸጥ ቆየ? ካርታው ችግር አለበት?» ብሎ የበለጠ ይጫናል። ለገንዘቡ የማይቸኩል ሰው መጠበቅ ይችላል፤ ቀነ ገደብ ያለው ሰው ግን ያንን 550 ሺህ መጀመሪያውኑ በእጁ አልያዘውም።

መቼ ይሰበር? ደላሎች ቤት የሚፈልጉ ሰዎችን ዝርዝር ይዘው ነው የሚቀመጡት። ቤቱ እንደወጣ ያሉትን ሁሉ ያመጣሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው አዲስ ፈላጊ ብቻ ነው። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ወር ብዙ የሚናገረው። እኔ ከያዛችሁት ጊዜ ሲሶው ሲያልፍ ውሳኔ ይሰጥ እላለሁ። አራት ወር ላላት ሻጭ አምስት ስድስት ሳምንት ገደማ ነው።

በዚያን ቀን የሚታየው የመጣው ሰው ነው። ስልክ የሚደውል ከሌለ ዋጋው ከመጠን በላይ ነው፣ ወይም ማስታወቂያው ካሬውንና ሰፈሩን በትክክል አይናገርም። ሰው ደውሎ ሳይመጣ የሚቀር ከሆነ ደላላው በስልክ ምን እንደሚል አጣሩ፣ ዋጋ ጨምሮበት ሊሆን ይችላል። ሰው መጥቶ አይቶ «እንደውልላችኋለን» ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ከእናንተ ቤት የተሻለ በዚያው ዋጋ አይቷል። ሦስት ገዢ ተለያይተው መጥተው ሁሉም 7.2 ወይም 7.3 ካሉ ደግሞ ገበያው ዋጋውን ነግሯችኋል።

ከመቀነሳችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጡ። ሌሎቹ እየተሸጡ የእናንተ ብቻ ከቀረ ችግሩ ብዙ ጊዜ ዋጋችሁ ነው። አንድም ቤት ካልተሸጠ ደግሞ ገበያው ራሱ ቆሟል፤ ሁለት መቶ ሺህ ብትቀንሱም ገዢ አይፈጠርም። ለምሳሌ ከውጭ የሚመጡ ዘመዶች የሚገዙት አይነት ቤት ከሆነ እነሱ በማይመጡበት ወቅት ሊዘገይ ይችላል። የሰልፉን ዝርዝርም በየወሩ አድሱት። የኑሮ ውድነቱ እያደገ ሌሎቹ 7.5ን ከ8 በላይ ቢያደርጉት እናንተ ምንም ሳትቀንሱ ወደ ፊት መጥታችኋል።

ዋጋውን ወደ ሰልፉ ፊት አምጥታችሁ፣ ሌሎች እየተሸጡ፣ ወር ሙሉ አንድም ሰው ዋጋ ካልሰጣችሁ ደግሞ ሌላ ብር አትጣሉበት። እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ ችግሩ ወረቀቱ ጋ ነው፦ ካርታው ላይ ያለው ካሬና አጥሩ የያዘው መሬት አይገናኝም፣ ወይም ያልፈረመ ወራሽ አለ፣ ወይም የባንክ ዕዳ አልተዘጋም። ያንን አስተካክላችሁ በድሮው ዋጋ ብታወጡት የተሻለ ነው።