«እርሱም አይደለም፣ ሌላም አይደለም»፦ የአንድ የቡድሂዝም አባባል ትርጓሜና ምንጭ

የጥንቶቹ የቡድሃ ተከታዮች ቅዱሳት መጻሕፍታቸውን ባቆዩበት በፓሊ ቋንቋ «ና ቻ ሶ፣ ና ቻ አኞ» የሚል አጭር አባባል አለ። ቃል በቃል ሲመለስ «እርሱም አይደለም፣ ሌላም አይደለም» ማለት ነው። አባባሉ የአንድ ጥያቄ መልስ ሆኖ የተነገረ በመሆኑ ያለ ጥያቄው ትርጉም አይሰጥም። ጥያቄውም፦ ሰው ሞቶ ዳግመኛ ሲወለድ፣ የሚወለደው ያው የሞተው ሰው ነው ወይስ ሌላ ሰው? የሚል ነው።

ጥያቄው የሚከብደው ቡድሃ በአንድነት ለመቀበል የሚያስቸግሩ የሚመስሉ ሁለት ነገሮችን ስላስተማረ ነው። በአንድ በኩል፣ ሰው በዚህ ሕይወት አስቦና ፈቅዶ የሠራው ሥራ ፍሬ ከሞት በኋላም ይከተላል፤ መወለድና መሞትም ደጋግሞ ይመላለሳል ብሏል። በሌላ በኩል፣ በሰው ውስጥ ሳይለወጥ የሚኖር ነፍስ የለም፤ «እኔ» የምንለው የአካል፣ የስሜት፣ ነገርን ለይቶ የማወቅ፣ የፈቃድና የልማድ ዝንባሌዎች እንዲሁም የንቃተ ኅሊና ስብስብ ነው፤ ከአምስቱም አንዱ እንኳ ሳይለወጥ አይቆይም ብሏል። እንዲህ ከሆነ ከአንዱ ሕይወት ወደ ሌላው የሚሻገረው ምንድን ነው?

እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ ስለ ቃላቱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። «ዳግም ልደት» ስንል በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ጥምቀት ነው። «ሪኢንካርኔሽን» የሚለው የውጭ ቃል ደግሞ ዳግመኛ ሥጋ መልበስ ማለት በመሆኑ ሥጋውን የሚለብስ አንድ ባለቤት አስቀድሞ እንዳለ ያስገምታል። ሰው ያረጀ ልብሱን አውልቆ አዲስ እንደሚለብስ ሁሉ ነፍስም አካልን ትለውጣለች የሚለው በሂንዱዎች ዘንድ የታወቀ ምሳሌ የሚገልጸው ይህንኑ ነው። የቡድሃ ትምህርት ግን የሚቃወመው በትክክል ይህን ምሳሌ ነው፤ ልብሱ አለ፣ ለባሹ ግን የለም ይላልና። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ዳግመኛ መወለድ» የሚለውን ግልጽ አነጋገር መርጫለሁ።

አባባሉ የሚገኘው «ሚሊንዳፓንሃ» ማለትም «የሚሊንዳ ጥያቄዎች» በተባለው የፓሊ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ሚሊንዳ የተባለው ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት በሰሜን ምዕራብ ሕንድ የነገሠው የግሪክ ተወላጅ ሜናንድሮስ ነው፤ ስሙን በግሪክና በአገሬው ፊደል የያዙ ሳንቲሞቹ እስከ ዛሬ አሉ። መጽሐፉ ንጉሡን በመናገሻው በሳጋላ ከመነኩሴው ከናጋሴና ጋር ሲከራከር ያሳየናል። ሳጋላ በዛሬዋ ፓኪስታን የምትገኘው የሲያልኮት ከተማ እንደሆነች ብዙ ሊቃውንት ይገምታሉ። ንጉሡ በእርግጥ ታሪካዊ ሰው ቢሆንም፣ ክርክሩ የእርሱ ንግግር ቃል በቃል የተመዘገበበት ነው ከማለት ይልቅ በኋላ ዘመን በጥበብ የተቀናበረ ድርሰት ነው ማለት ይቀላል። የደራሲው ማንነት አይታወቅም። በምያንማር መጽሐፉ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ተቆጥሯል።

ንጉሡ ጥያቄውን ሲያቀርብ ናጋሴና «እርሱም አይደለም፣ ሌላም አይደለም» ብሎ መለሰ። ንጉሡ በዚህ አልረካም፤ ምሳሌ ይሰጠኝ አለ። መነኩሴው የጀመረው ከራሱ ከንጉሡ ነው። «ንጉሥ ሆይ፣ በጀርባው ተንጋሎ ይተኛ የነበረው ጨቅላ ሕፃንና ዛሬ ያደጉት እርስዎ አንድ ናችሁን?» ብሎ ጠየቀው። ንጉሡ «አይደለም፤ ያ ሌላ ነበር፣ እኔ ሌላ ነኝ» ሲል፣ ናጋሴና የዚህን መልስ መዘዝ ዘረዘረለት። እንዲያ ከሆነ ላደገው ሰው እናትም አባትም አይኖረውም፤ ትምህርት የጀመረው አንዱ፣ ተምሮ የጨረሰው ሌላው ይሆናል፤ ወንጀል የሠራው አንዱ፣ እጅና እግሩ የሚቆረጠው ሌላው ይሆናል። ንጉሡ መልሱን አጥቶ እርሱ ምን እንደሚል ሲጠይቀው፣ ናጋሴና፦ ሕፃኑም እኔ ነበርሁ፣ ያደግሁትም እኔ ነኝ፤ እነዚህ ሁሉ አንድ የሚባሉት በዚህ አካል ተደግፈው ስለተያያዙ ነው አለው።

ይህ ምሳሌ ቀድሞ መምጣቱ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ከሞት በኋላ የሚሆነው እንቆቅልሽ የሆነብን በሕይወት ሳለን የምንኖረውን መለወጥ ስለለመድነው ብቻ እንደሆነ ያሳያል። የትናንቱ ሕፃን ወደ ዛሬው ሰው የተሸጋገረው ውስጡ አንድ የማይለወጥ ነገር ተቀምጦ ስለቆየ ካልሆነ፣ ከሞት ማዶ ላለው ሕይወትም እንዲህ ያለ ነገር የግድ አያስፈልግም ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው መብራት ነው። አንድ ሰው ማታ መብራት ቢያበራ ሌሊቱን ሙሉ ሊነድ ይችላል። በመጀመሪያው የሌሊት ክፍል የነበረው ነበልባልና በመካከለኛው ክፍል ያለው አንድ ነውን? አይደለም፤ የፊተኛው ያቃጠለው ዘይትና ያጨሰው ክር አልፏል። ታዲያ በየክፍሉ ሌላ ሌላ መብራት ነበርን? ይህም አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ብርሃን የሰጠው በአንዱ መብራት ተደግፎ ነው። የነገሮች ሰንሰለትም እንዲሁ ይያያዛል፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይነሣል፣ በመካከሉም ክፍተት የለም። የፓሊ መጻሕፍትን በሚከተለው የቡድሂዝም ቅርንጫፍ በቴራቫዳ ትምህርት ሲብራራ፣ የሟቹ የመጨረሻ የኅሊና ቅጽበት ጠፍቶ የአዲሱ ሕይወት የመጀመሪያ ቅጽበት ወዲያው ይነሣል። የፊተኛው ለኋለኛው መንሥኤ ይሆነዋል እንጂ ራሱ አልፎ አይሄድም። ለመብራቱ ዘይት የሚሆነውም ጥማት ነው፤ ማለትም የመኖር፣ የማግኘትና የመሆን ፍላጎት።

የሦስተኛው ምሳሌ ቃላት ከእኛ ጓዳ የወጡ ይመስላሉ፦ ወተት ታልቦ ይረጋል፣ እርጎው ቅቤ ይወጣዋል፣ ቅቤውም ይነጠራል። ወተቱ ራሱ እርጎ ነው፣ እርጎው ራሱ ንጥር ቅቤ ነው የሚል ሰው ተሳስቷል፤ ሆኖም ያለ ወተቱ ንጥር ቅቤው ባልተገኘ ነበር። የገጠር እናት ልጇን ወተት አምጣ ብላ ልካው ንጥር ቅቤ ይዞ ቢመጣላት አትቀበለውም፤ ቅቤው ግን ከየትኛው ላም ወተት እንደወጣ ጠንቅቃ ታውቃለች።

ብዙ ሰው አባባሉን ሲያብራራ መብራቱን ጠቅሶ እዚያው ያበቃል። እኔ ግን ይህ ግማሽ ማብራሪያ ነው እላለሁ። መብራቱ የሚያሳየው ምንም ነገር ሳይሻገር ቀጣይነት ሊኖር እንደሚችል ብቻ ነው፤ ኃላፊነት የማን እንደሆነ አይናገርም። ከአንድ ሻማ መቶ ሻማ ማብራት ይቻላል፤ አንዱ ሰው ሞቶ መቶ ሰው ሆኖ ይወለዳል የሚል ግን በትምህርቱ የለም። ኃላፊነቱን የሚያስረዳው በዚያው መጽሐፍ ትንሽ ቆይቶ የሚመጣው የማንጎ ምሳሌ ነው። ንጉሡ ቀጥተኛውን ተቃውሞ አነሣ፦ የሚወለደው ሌላ ከሆነ፣ የሞተው ከክፉ ሥራው ነጻ ወጣ ማለት አይደለምን? ናጋሴና፦ አንድ ሰው የሌላውን ማንጎ ሰርቆ ተይዞ ችሎት ፊት ቢቀርብና «ይህ ባለ ርስት የተከለውና እኔ የወሰድኩት ማንጎ አንድ አይደሉም፤ ስለዚህ ልቀጣ አይገባኝም» ቢል ነጻ ይወጣልን? ብሎ ጠየቀው። ንጉሡ «ይቀጣል እንጂ» አለ። ምክንያቱም የተሰረቀው ፍሬ የበቀለው ከተተከለው ዘር ነው። የሌባው ክርክር ያለ እውነት አይደለም፤ ዘሩና ፍሬው በእርግጥ አንድ አይደሉም። ስሕተቱ «አንድ አይደሉም» ከማለት ተነሥቶ «ግንኙነት የላቸውም» ወደ ማለት መዝለሉ ነው። አሁን የሠራነው ሥራና ነገ የሚወለደው ሕይወትም በዚሁ መንገድ ይተሳሰራሉ።

የአባባሉ ሥር ከናጋሴና በፊት ያለ ነው። ካሳፓ የተባለ ራቁቱን የሚኖር መናኝ ቡድሃን፣ ሰው መከራውን ራሱ ነው ያመጣው ወይስ ሌላ ያመጣበታል? ብሎ በጠየቀው ጊዜ፣ ቡድሃ የሚሠራውና የሚቀበለው ያው ነው ማለት ዘላለማዊ ነፍስን መቀበል እንደሆነ፣ የሚሠራው አንዱ የሚቀበለው ሌላው ነው ማለትም በሞት ሁሉ ይጠፋል ማለት እንደሆነ ገልጾ፣ ሁለቱንም ትቶ የነገሮችን በመንሥኤ መያያዝ አስተማረው። ሳቲ የተባለ የዓሣ አጥማጅ ልጅ የነበረ መነኩሴ ደግሞ፣ ከሕይወት ወደ ሕይወት የሚዞረው ያው አንዱ ንቃተ ኅሊና ነው ብሎ ሲያስተምር ቡድሃ አስጠርቶ ገሠጸው። ኅሊናም እንደ እሳት በመንሥኤው ይጠራል፤ በእንጨት የነደደው የእንጨት እሳት፣ በሣር የነደደው የሣር እሳት፣ በኩበት የነደደው የኩበት እሳት እንደሚባል ሁሉ አለው። ከማገዶ ተለይቶ የሚጓዝ እሳት የለም።

ይህ ማብራሪያ ሁሉንም የቡድሃ ተከታዮች አላረካም። የፑድጋላ ወገን የሚባሉት የቡድሂዝም ክፍሎች፣ ከአምስቱ ክፍሎች ጋር አንድም ያልሆነ የተለየም ያልሆነ «ሰው» የሚባል ነገር አለ ብለው ለዘመናት ተከራክረዋል፤ ሌሎቹም ነፍስን በጓሮ በር ታስገባላችሁ ብለው ነቅፈዋቸዋል። በሞትና በመወለድ መካከል ክፍተት አለ ወይ በሚለውም አልተስማሙም፤ ቴራቫዳ የለም ሲል፣ በቲቤት እስከ 49 ቀን የሚቆይ መካከለኛ ሁኔታ እንዳለ ይታመናል።

ሚሊንዳ በሳጋላ ክርክሩን የቀጠለው ግን በሌላ አቅጣጫ ነው። ዳግመኛ የማይወለድ ሰው እንደማይወለድ አስቀድሞ ያውቀዋልን? ብሎ ጠየቀ። ናጋሴና ያውቀዋል ብሎ ገበሬን ጠቀሰለት፦ አርሶና ዘርቶ ጎተራውን የሞላ ገበሬ፣ ከዚያ በኋላ ማረሱንም መዝራቱንም ትቶ ከጎተራው እያወጣ ቢበላ፣ ጎተራው ዳግመኛ እንደማይሞላ አያውቅምን? ንጉሡ ያውቃል አለ። በምን ያውቃል? ቢባል፣ የመሙላቱ መንሥኤ መቆሙን ስለሚያውቅ ነው።