የሰርኩላንት ማትሪክስ አይገንቫልዩ ምንድን ነው? የአንድ ሥሮችስ ምን አገባቸው?

«የሰርኩላንት ማትሪክስ አይገንቫልዩዎች የአንድ ሥሮች ናቸው።» ይህች ዓረፍተ ነገር ከአንዱ ማስታወሻ ወደ ሌላው እየተገለበጠች ትዞራለች። ስህተት ናት። ስህተትነቷን ለማወቅም አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የመጀመሪያ ረድፉ 4, 1, 2, 3 የሆነውን ሰርኩላንት እንይ፤ እያንዳንዱ ረድፍ ከላዩ ያለው ረድፍ አንድ ቦታ ወደ ቀኝ ተገፍቶ፣ ከጫፍ የወደቀው ቁጥር ወደ መጀመሪያው ተመልሶ የተገኘ ነው።

```
    4 1 2 3
C = 3 4 1 2
    2 3 4 1
    1 2 3 4
```

አራተኛዎቹ የአንድ ሥሮች፣ ማለትም x⁴ = 1 የሚሆኑት ቁጥሮች፣ 1, i, −1, −i ናቸው። ድምራቸው ዜሮ ነው። የማትሪክሱ ትሬስ ግን 16 ነው፤ የአይገንቫልዩዎች ድምር ደግሞ ከትሬስ ጋር እኩል መሆን አለበት። ስለዚህ አባባሉ ገና ከበሩ ላይ ወደቀ። አይገንቫልዩ ራሱ ምን እንደሆነ እዚህ አላብራራም፤ ትሬስን የሚያውቅ ሰው እሱንም ያውቃል።

አባባሉ ከየት እንደመጣ ግን ግልጽ ነው። አራቱ የአንድ ሥሮች አይገንቫልዩ የሚሆኑት ለተለዩ ሰርኩላንቶች ብቻ ነው። ዋናው የመጀመሪያ ረድፉ 0, 1, 0, 0 የሆነው፣ P የምንለው አዙሪት ነው። ሌላው ሰርኩላንት ሁሉ ከ P የተሠራ ነው፦

```
C = 4I + P + 2P² + 3P³
```

ይህን በምሳሌ ለማየት አራት ሰዎች መሶብ ከበው ተቀምጠዋል እንበል፤ በእያንዳንዳቸው ፊት የተወሰነ መጠን ያለው ነገር አለ። P ማለት «ሁሉም በቀኙ ያለው ሰው የያዘውን ይቀበል» የሚል ትእዛዝ ነው። C ደግሞ ረዘም ያለ ትእዛዝ ነው፦ «ማንም ሰው የራሱን አራት እጥፍ፣ በቀኙ ያለውን አንድ እጥፍ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ሁለት እጥፍ፣ በግራው ያለውን ሦስት እጥፍ ደምሮ ይያዝ።» ልብ በሉ፣ ትእዛዙ የማንንም ስም አይጠራም። ከእኔ ስንት ሰው አልፎ እንዳለ ብቻ ነው የሚያየው። ማትሪክስን ሰርኩላንት የሚያሰኘው ይኸው ነው።

አሁን «ሁሉም ከቀኙ ሲቀበል የእያንዳንዱ ሰው መጠን በአንድ ዓይነት ቁጥር ብቻ የሚባዛበት አደላደል አለ ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ቁጥሩን μ እንበለው። አራት ጊዜ ከተቀባበሉ እያንዳንዱ የራሱን መልሶ ያገኛል፤ በሌላ በኩል መጠኑ በ μ አራት ጊዜ ተባዝቷል። ስለዚህ μ⁴ = 1 የግድ ነው። የአንድ ሥሮች ወደዚህ ጉዳይ የሚገቡት በዚህ በር ነው፤ ከመሶቡ ክብነት የመጡ እንጂ ከ 4, 1, 2, 3 የመጡ አይደሉም። አደላደሉም (1, μ, μ², μ³) ነው፤ ይህ የ P አይገንቬክተር ነው።

ይህ አደላደል በ P ሲመታ በ μ ይባዛል፣ በ P² ሲመታ በ μ²፣ በ P³ ሲመታ በ μ³። ስለዚህ በ C ሲመታ በ 4 + μ + 2μ² + 3μ³ ይባዛል። የ C አይገንቫልዩ ይህ ቁጥር ነው። የአንድ ሥር ወደ ፖሊኖሚያሉ የሚገባው ግብዓት ነው፤ አይገንቫልዩው ከዚያ የሚወጣው ውጤት ነው። f(x) = 4 + x + 2x² + 3x³ ብለን አራቱን ሥሮች ተራ በተራ እናስገባ፦

```
f(1)  = 4 + 1 + 2 + 3   = 10
f(i)  = 4 + i − 2 − 3i  = 2 − 2i
f(−1) = 4 − 1 + 2 − 3   = 2
f(−i) = 4 − i − 2 + 3i  = 2 + 2i
```

ድምራቸው 16 ነው፣ ከትሬስ ጋር ገጠመ። ብዜታቸው 10 · 2 · 8 = 160 ነው፤ ዲተርሚናንቱም ይኸው ነው። አንዳቸውም የአንድ ሥር አይደሉም።

የመሶቡ ምሳሌ ለ f(1) እና ለ f(−1) በደንብ ይሠራል። በ f(1) ሁሉም እኩል ይዟል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ የሚደርሰው የረድፉ ድምር ነው። በ f(−1) አንዱ 1 ሲይዝ ቀጣዩ −1 ይይዛል፤ ማይነሱን ዕዳ ብንለው ያስኬዳል። ለ i ግን ምሳሌው ይቆማል፤ i እንጀራ ቆርሶ የጎረሰ ሰው የለም። ቢሆንም ኮምፕሌክስ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማየት ይቻላል። የቀኙ ጎረቤት ክብደት 1፣ የግራው 3 ነው። በ f(i) ቀኙ +i፣ ግራው −3i ይሰጣል፤ ሲደመሩ −2i ይቀራል። በአጠቃላይ የመጀመሪያ ረድፉ a, b, c, d ለሆነ አራት በአራት ሰርኩላንት፦

```
a + b + c + d
(a − c) + i(b − d)
(a + c) − (b + d)
(a − c) − i(b − d)
```

ቁጥሮቹ እውን ከሆኑ ኮምፕሌክስ አይገንቫልዩ የሚመጣው b እና d ሲለያዩ ብቻ ነው። ሦስተኛው መስመርም ለብቻው ይጠቅማል፦ የመጀመሪያ ረድፉ 5, 2, 1, 4 የሆነ ሰርኩላንት ጤነኛ ይመስላል፣ ግን 5 + 1 = 2 + 4 ስለሆነ አንዱ አይገንቫልዩ ዜሮ ነው፤ ማትሪክሱ ኢንቨርስ የለውም።

አንድ አስተያየት ሰጪ «አይገንቬክተሮቹ ከአንድ ሥሮች የተሠሩ ከሆነ አባባሉ በግምት ልክ ነው» ሲል ተከራክሯል። በግምትም ልክ አይደለም። የአራት በአራት ሰርኩላንቶች ሁሉ ያንኑ አራት አይገንቬክተር ይጋራሉ፤ በረድፉ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ቢቀያየሩም አይነኳቸውም። አይገንቫልዩዎቹ ግን ሙሉ በሙሉ በእነዚያ ቁጥሮች ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ሁለቱን ማምታታት አንዱን ሰርኩላንት ከሌላው መለየት እንዳይቻል ያደርጋል።

ይኸው ሰው ያቀረበው ስሌት ሌላ ችግርም ነበረበት፤ ይህኛው ይበልጥ ስውር ነው። የመጀመሪያውን ረድፍ ወስዶ ኤፍኤፍቲ በሚባለው ፈጣን የፉሪየር ስሌት ውስጥ ከቶ ያገኘው 10, 2 + 2i, 2, 2 − 2i ነው። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፣ ድምሩም ብዜቱም ይገጥማል። የተሳሳተው ተራው ነው። ኤፍኤፍቲ በተለመደው አጻጻፍ ወደ ፖሊኖሚያሉ የሚያስገባው ω⁻ᵏ ን ስለሆነ፣ ω እዚህ i ነው፣ ከአይገንቬክተሮቹ ተራ ጋር የሚስማማው የመጀመሪያው ዓምድ ሲሰጠው ነው። የእኛ ማትሪክስ የመጀመሪያ ዓምድ 4, 3, 2, 1 ነው፦

```python
import numpy as np
from scipy.linalg import circulant
a = [4, 3, 2, 1]
C = circulant(a)
print(np.fft.fft(a))
```

ይህ 10, 2 − 2i, 2, 2 + 2i ይሰጣል (ፓይተን i የሚለውን j ብሎ ይጽፋል)። `circulant` ራሱም የሚሰጠውን ዝርዝር እንደ መጀመሪያ ዓምድ እንጂ እንደ ረድፍ አይቆጥረውም፤ ረድፉን ብትሰጡት የምታገኙት ትራንስፖዙን ነው። ተራው ትክክል መሆኑን ትሬስም ዲተርሚናንትም አይነግሯችሁም። የሚነግራችሁ አንድ አይገንቬክተር ወስዶ ማባዛት ነው። v = (1, i, −1, −i) ን በ C ብንመታ የመጀመሪያው ረድፍ 4 + i − 2 − 3i = 2 − 2i ይሰጣል፣ ሁለተኛው 3 + 4i − 1 − 2i = 2 + 2i ይሰጣል። (2 − 2i) · i = 2 + 2i ስለሆነ ተስማማ። በ 2 + 2i ቢሞከር ገና የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ይወድቃል።

ቀመሩ የማይሠራበትን ቦታ ደግሞ ሳልናገር አላልፍም፣ ሲግናል ፕሮሰሲንግ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነውና። መሶቡን አንስተን አራቱን ሰዎች በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ እናስቀምጣቸው። አሁን ጫፍ አለ፤ ዳር ያለው ሰው በአንድ በኩል ጎረቤት የለውም። ዲያጎናሉ ላይ 2፣ ከጎንና ከጎኑ −1 ያለውን ማትሪክስ ውሰዱ። ማዕዘኖቹ ላይም −1 ካለ የመጀመሪያ ረድፉ 2, −1, 0, −1 ነው፤ መሶብ ነው፣ አይገንቫልዩዎቹም 0, 2, 4, 2 ናቸው። ማዕዘኖቹ ዜሮ ከሆኑ አግዳሚ ወንበር ነው፤ ማትሪክሱ ቶፕሊትዝ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ዲያጎናሉ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ያለው፣ እንጂ ሰርኩላንት አይደለም፣ አይገንቫልዩዎቹም በግምት 0.382, 1.382, 2.618, 3.618 ናቸው። የሰርኩላንቱን ቀመር በግድ በ 2, −1, 0, 0 ላይ ብትጠቀሙ 1, 2 − i, 3, 2 + i ይወጣል። ማትሪክሱ እውንና ሲሜትሪክ ስለሆነ ኮምፕሌክስ አይገንቫልዩ ሊኖረው አይችልም፤ ስህተቱ ወዲያው የሚታወቀው በዚህ ነው። ማትሪክሱ በጣም ትልቅ ሲሆን የመሶቡና የአግዳሚ ወንበሩ አይገንቫልዩዎች ይቀራረባሉ፣ አራት በአራት ላይ ግን ልዩነቱ እንዲህ ሰፊ ነው።

ወደዚያው የመሶብ ማትሪክስ ስንመለስ 2 ሁለት ጊዜ መምጣቱን አስተውሉ። ማትሪክሱን ለ `np.linalg.eigh` ስትሰጡት ለዚህ 2 የሚመልሰው (1, i, −1, −i) ን ሳይሆን እውን ቬክተሮችን ነው፤ ለምሳሌ በ √2 የተካፈሉ (1, 0, −1, 0) እና (0, 1, 0, −1) ን፣ ወይም የእነዚህን ቅልቅል። «ሶፍትዌሩ ቀመሩን አፈረሰው» የሚል ቅሬታ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። አላፈረሰውም። አይገንቫልዩ ሲደገም የሚገኘው አንድ መስመር ሳይሆን ሙሉ ሜዳ ነው፤ (1, i, −1, −i) የመጀመሪያው ቬክተር ሲደመር የሁለተኛው i እጥፍ ነው፣ በዚያው ሜዳ ላይ ይገኛል። ከሁለቱ አጻጻፍ የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ሥራው ነው፤ በአንድ መሠረት ብዙ ሰርኩላንቶችን ባንድ ላይ ወደ ዲያጎናል መቀየር ከፈለጋችሁ የሶፍትዌሩን ጥንድ ተዉትና በአንድ ሥሮች የተሠሩትን ራሳችሁ ጻፏቸው።