«ጳጉሜን ላይ ሱቅዎ ምን ሆኖ ነው?» የባለሱቅ ደብዳቤ ለባንክ ሥራ አስኪያጅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ለብድር ማመልከቻዬ የሁለት ዓመት የሽያጭ ግራፍ አምጣ ተባልኩ። የወንድሜ ልጅ በኤክሴል አሳምሮ ሠራልኝ። አሁን ደግሞ ማብራሪያ ደብዳቤ ጨምርበት ይሉኛል። ግራፍ ካለ ደብዳቤው ምን ይሠራል?»

ጠያቂው የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አላቸው። ዘይት፣ ስኳር፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ሳሙና፣ ያው የሰፈር ሱቅ። የጠየቁት ብድር 200,000 ብር ነው። እኔ የባለሱቆችን ሂሳብ ስሠራ ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ግራፍ ብዙ አይቻለሁ። ከታች ያሉት ቁጥሮች ለስሌት እንዲቀሉ የተጠጋጉ ናቸው።

«ግራፉ ራሱ ይናገራል።»

ይናገራል፤ ግን አንዳንዴ ይዋሻል። የጠያቂያችን ግራፍ ለየዓመቱ 13 ምሰሶ አለው። ነሐሴ 360,000 ብር ላይ ቆሟል። አጠገቡ ያለው ጳጉሜን 90,000 ላይ ነው፤ ጥርሱ የወለቀ አፍ ይመስላል። ከዋና መሥሪያ ቤት ሆኖ ፋይሉን የሚገመግም ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። «ምን ሆኖ ነው? ሱቁ ታሽጎ ነበር?»

አሁን በቀን እናካፍለው። ነሐሴ 30 ቀን ነው፤ 360,000 ለ30 ሲካፈል በቀን 12,000 ብር። የ2016 ጳጉሜን 5 ቀን ነበረች፤ 90,000 ለ5 ሲካፈል በቀን 18,000 ብር። ከዓመቱ ሁሉ የደራ ገበያ የነበረው ግራፉ «ወደቀ» ያለበት ሳምንት ነው። ነገሩ ግልጽ ነው። ፍልሰታ ተፈቷል፣ እንቁጣጣሽ ደርሷል፣ ሰው ቅቤና ዘይት ይሸምታል።

መፍትሔው ምሰሶዎቹን በቀን አማካይ መሥራት ነው። ወይም ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር ደምሮ ለ35 ቀን ማካፈል። የፊተኛው ይሻላል፤ ሁለተኛው የበዓሉን ገበያ ይውጠዋል። አንድ ነገር ደግሞ አይርሱ፦ የ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች። ሁለቱን ጳጉሜኖች እንዳሉ ካወዳደሩ ያለ ምንም ምክንያት አንድ ቀን ይጎድልብዎታል። ደብዳቤው ላይ ይህን ለማስረዳት ሁለት መስመር ይበቃል፦

> «ግራፍ ቁጥር 1 የተሠራው በቀን አማካይ ሽያጭ ነው። ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ስለሆነች በወር ድምር ዝቅ ትላለች፤ በቀን ሲታይ ግን ከሁሉም ወራት ትበልጣለች።»

«ሽያጩ የወረደበትን ወር ባልነካካው ይሻላል፤ ካልጠቀስኩት ማን ያየዋል?»

ሁሉም ሰው ያየዋል። ግራፍ የተሠራው ለዚያ ነው። ያልተብራራ ጉድለት ደግሞ አንባቢው በራሱ ግምት ይሞላዋል፤ ግምቱም ለእርስዎ አያደላም።

የእኚህ ሰው የካቲት 2017 ከየካቲት 2016 ይልቅ ደካማ ነው። እሳቸው «ገበያው ቀዝቅዞ ነበር» ሊሉ ነበር። ይህ ምክንያት አይባልም፤ ጉድለቱን በሌላ ቃል መድገም ነው። ደብተራቸውን ገለጥን። ከሁሉም ይልቅ የወረደው እንቁላል ነበር። የካቲት 2016 ላይ 3,000 እንቁላል ሸጠዋል፤ በቀን 100 ማለት ነው። የካቲት 2017 ላይ 1,700 ብቻ።

ምክንያቱ ያለው ቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። ፋሲካ በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ደግሞ ሚያዝያ 12 ዋለ። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ስለዚህ በ2016 ሁዳዴ የገባው መጋቢት 2 ሲሆን በ2017 ግን የካቲት 17 ገብቷል። የካቲት 2016 ሙሉ በሙሉ ከሁዳዴ ውጪ ነበር፤ የካቲት 2017 ግን 14 ቀኑን በጾም አሳልፏል። ደብተሩም ይህንኑ ይላል። ከ1 እስከ 16 ባሉት ቀናት 1,550 እንቁላል ተሸጧል፤ በቀን ወደ 97። በቀሩት 14 ቀናት 150 ብቻ። ጾሙ እስኪገባ ድረስ ሱቁ እንደ ዓምናው ይሸጥ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ማብራሪያው ትክክል መሆኑን በምን እናውቃለን? በተቃራኒው በኩል በመፈተሽ ነው። ጾም ከሆነ ምስሩና ሽሮው በእነዚያው ቀናት ከፍ ማለት አለበት፤ እንቁላሉም ከፋሲካ ዋዜማ ጀምሮ መመለስ አለበት። የእኚህ ሰው ምስር ከየካቲት 17 ጀምሮ ጨምሯል። ምስሩም አብሮ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ጾምን ማሳበብ አይቻልም ነበር። ምናልባት ማዶ አዲስ ሱቅ ተከፍቷል፣ ወይ መንገድ ተቆፍሯል። ያኔ መጻፍ ያለበት እሱው ነው።

የሙስሊም ደንበኛ የሚበዛበት ሰፈር ያለ ባለሱቅ ደግሞ ረመዳንን በዚሁ መንገድ ያስላው። እሱ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚመጣ የቴምሩና የዱቄቱ ከፍታ ከወር ወር ይሸጋገራል።

«ሽያጩ በብር ካደገ ሱቁ አድጓል።»

ይህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ማመልከቻ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው።

የጠያቂያችን ግራፍ ወደ ላይ ይወጣል፤ የወንድም ልጅ ቀይ ቀስትም አክሎበታል። ሥራ አስኪያጁ ግን የሚኖረው እዚሁ አገር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ እሱም ሲገበያይ ያየዋል። ስለዚህ ቀይ ቀስቱ አያስደንቀውም። «ይህ ዋጋ ነው ወይስ ሽያጭ?» ይላል።

የዘይቱን እንይ። ጥር 2016 ላይ ባለ 5 ሊትር ዘይት በ900 ብር 100 ጀሪካን ሸጡ፤ 90,000 ብር። ጥር 2017 ላይ በ1,200 ብር 88 ጀሪካን፤ 105,600 ብር። በብር ሲታይ 17 በመቶ አድጓል። በጀሪካን ሲታይ 12 በመቶ ቀንሷል። የትኛው ነው እውነቱ?

ሁለቱም አይደሉም። ዋጋ ሲወደድ ሰው ጀሪካኑን ትቶ ባለ 1 ሊትሩን ይገዛል። ባለ 1 ሊትሩ ከ60 ወደ 110 ከፍ ብሏል። ሁሉንም በሊትር ስንደምር ዓምና 500 እና 60፣ 560 ሊትር፤ ዘንድሮ 440 እና 110፣ 550 ሊትር ሆነ። ሱቁ አላደገም፤ አልወደቀምም። ደንበኛው እዚያው ነው፤ አገዛዙ ግን ተለውጧል።

ጠያቂያችን ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «እንዲህ ብዬ ጽፌ ማን ያበድረኛል?» አሉ። እንደኔ ግን በማመልከቻው ውስጥ ከሁሉ የጠነከረው ነጥብ ይኸው ነው። ያንኑ መደርደሪያ ለመሙላት ዓምና 600,000 ብር ይበቃቸው ነበር፤ ዘንድሮ 800,000 ይፈልጋል። የተጠየቀው ብድር 200,000 ነው። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማንም ሳይጠይቅ ይገባዋል። ደብዳቤው ላይ እንዲህ ጻፍን፦

> «ግራፍ ቁጥር 2 በብር፣ ግራፍ ቁጥር 3 በሊትር የተሠሩ ናቸው። በብር የታየው ጭማሪ በዋናነት የዋጋ ነው። የሚሸጠው መጠን ዓምና በነበረበት ይገኛል። ብድሩን የጠየቅሁት ያንኑ ዕቃ በአዲሱ ዋጋ ለመተካት ነው።»

ቀዩን ቀስት አጠፋነው።

«ባንኩ የሚፈልገው ትልቁን ወር ነው፤ ጳጉሜንና መስከረምን ላጉላ።»

ክፍያ በየወሩ ነው፤ ጾም ሲገባ አይቆምም። ስለዚህ ግራፉ ላይ መታየት ያለበት ዝቅተኛው ወር ነው።

እኚህ ሰው በአማካይ በወር 400,000 ብር ይሸጣሉ። ትርፋቸው 12 በመቶ ገደማ ነው፤ 48,000 ብር። ከዚያ ላይ ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ መብራት፣ ግብርና የቤት ወጪ 30,000 ይሄዳል። በእጅ የሚቀረው 18,000 ነው። በደካማው ወር በመጋቢት ሽያጩ 340,000 ነው፤ ትርፉ 40,800፣ በእጅ የሚቀረውም 10,800።

ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ነው እንበል። 200,000 ብር በ12 ወር ይከፈል ከተባለ ወርሃዊ ክፍያው 18,300 አካባቢ ነው። በደህናው ወር እንኳ አይበቃም። በ24 ወር ከሆነ 10,000 ይጠጋል፤ መጋቢትም ይችለዋል። ረጅሙ ርካሽ አይደለም፦ ጠቅላላ ወለዱ ከ20,000 ወደ 40,000 ብር ገደማ ይወጣል። እሳቸው መጀመሪያ የጻፉት 12 ወር ነበር፤ «ቶሎ ልገላገል» ብለው። ደብተሩን ካዩ በኋላ በ24 ቀየሩት። ዋስትናው መጋቢት ነው፤ ሌላ ቁጥር ማጋነን አላስፈለገም።

«ከግራፉ ጋር የባንክ ሂሳቤ ካልገጠመ፣ ዝም ልበል።»

እንዲያውም አይገጥምም፤ አስቀድመው ይንገሩት። ሦስት ምክንያት አለው። ግራፉ በእኛ ወር ነው፤ የባንክ መግለጫ አብዛኛውን ጊዜ የሚታተመው በፈረንጅ ቀን ነው፤ መስከረማችን ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ይከፈላል። ዱቤ ደግሞ ደብተር ላይ የሚመዘገበው ዕቃው ሲወጣ ነው፤ ገንዘቡ የሚገባው ደመወዝ ሲደርስ። ከመሳቢያ ወጥቶ ለአከፋፋይ በጥሬው የተከፈለ ብር ደግሞ ባንክ ጨርሶ አይደርስም።

በየወሩ ለማስታረቅ አይድከሙ። የበጀት ዓመቱን፣ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30፣ በአንድ ድምር ያስቀምጡ። በአንድ በኩል የደብተሩ ሽያጭ፤ በሌላ በኩል ባንክ የገባው፣ በጥሬው የተከፈለውና ያልተሰበሰበው ዱቤ። ያ ድምር ለግብር ካሳወቁት ጋር መግጠም አለበት። እሱ ካልገጠመ ደብዳቤ አያድነውም፤ መጀመሪያ እሱን ያስተካክሉ።

የተጠናቀቀው ደብዳቤ አንድ ገጽ ሆነ። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦

> «አባሪ፦ ግራፍ 3 ገጽ፣ የማስታረቂያ ሠንጠረዥ 1 ገጽ። ዋናው የሽያጭ ደብተር በሱቁ ይገኛል፤ በማንኛውም የሥራ ቀን መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ።
> ከሠላምታ ጋር»